ሰጠሁት የሚል ቃል

መርካቶ ውስጥ የአብዛኛው ተራ ስም ሥራውን ይናገራል። ሸማ ተራ ሸማ ይሸጥበታል፤ በርበሬ ተራ በርበሬ ይሸጥበታል። አዲስ አበባን ለማያውቅ እንግዳ እነዚህን ስሞች ትቼ «ሸማ ነጋዴዎች የተሰለፉበት መንገድ»፣ «በርበሬ የሚሸጥበት ሰፈር» ብዬ ብነግረው የሚጎድልበት ነገር የለም። ምናለሽ ተራ ላይ ስደርስ ግን እቸገራለሁ። ያረጀ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ በርሜልና ጀሪካን ተቀጥቅጦና ታድሶ የሚሸጥበት ሰፈር ነው ብል እውነት ተናግሬአለሁ፤ ስሙን ግን አልተናገርኩም። ስሙ ጥያቄ ነው። አንዲት ሴት ዕቃዋን ዘርግታለች፤ አንድ ሰው መጥቶ «ምን አለሽ?» ይላታል። ጠያቂው የሚፈልገውን ገና አያውቅም፤ የተጠያቂዋም ዕቃ ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ያን ሰፈር ያን ሰፈር ያደረገው ይህ ጥያቄ ነው፤ በዕቃ ዝርዝር አይተካም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ ስለዚሁ ገበያ የጻፈው ግጥም ርዕሱ «አይ መርካቶ» ነው። ግጥሙ ስለ ምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ መናገር ይቻላል። «አይ» የምትለዋን ቃል ግን በምን እንተካታለን? «አይ» መደነቅ ናት፤ ማዘን ናት፤ መታከት ናት፤ የሚወዱትን ሰው ራስ እየነቀነቁ መገሠጽም ናት። የሚያሳጥር ሰው «ባለቅኔው በመርካቶ ተደንቋል» ብሎ ከጻፈ አንዱን ይዞ ሦስቱን ጥሏል። «አዝኗል» ቢልም እንዲሁ ነው።

የሰውን ጽሑፍ የሚያሳጥር ሁሉ በየዐረፍተ ነገሩ አንድ ውሳኔ ይወስናል፤ ይህን በራሴ አነጋገር ልበለው ወይስ የጸሐፊውን ቃል እንዳለ በጥቅስ ልያዘው? አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው ሳይታወቅ ያልፋል። እኔን ግን እያንዳንዷን ውሳኔ ቆሜ እንድመለከት ያስገደደኝ ሥራ ገጠመኝ። ስለዚያ ሥራ እነሆ።

*

አጎቴ ሸማ ተራ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነግደዋል። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ኩታና ነጠላ ይረከባሉ፤ ለክፍለ ሀገር ነጋዴ ያከፋፍላሉ። ሱቃቸውን ከለቀቁ በኋላ ተቀምጠው የሕይወታቸውን ታሪክ ጻፉ፤ ሦስት ባለሃምሳ ሉክ ደብተር ሞሉ። ካረፉ በኋላ ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ደብተሮቹን በፌስታል ጠቅልለው አስረከቡኝ። ልጆቻቸው በውጭ አገር ይኖራሉ። የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ የሚያነቡት እያዘገሙ ነው። የአጎቴ እጅ ጽሕፈት ደግሞ ለለመደውም ይከብዳል። ስለዚህ ከ12 ገጽ ያልበለጠ ማጠቃለያ እንድጽፍና ለሙት ዓመታቸው እንዳደርስ ተጠየቅሁ። እትዬ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ጨመሩ፦ «ልጄ፣ እሳቸው ያሉትን ጻፍ፤ ያሰቡትን አንተ አታስብላቸው።»

ሦስቱ ደብተር 300 ገጽ ነው። ወደ 12 ገጽ ሲወርድ ሃያ አምስት ገጽ በአንድ ገጽ መግባት አለበት ማለት ነው። ይህ ስሌት ስለ ጥቅስ ብዙ ነገር ያስተምራል። ከደብተሩ አንድ መስመር እንዳለ ስገለብጥ ያ መስመር በማጠቃለያው ውስጥ የሃያ አምስት መስመር ቦታ ይወስዳል። ያልተጠቀሰው ሁሉ የዚያን ያህል ተጨማሪ መጨመቅ አለበት። ጥቅስ ውድ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቅስ ዋጋውን ማውጣት ይኖርበታል።

በራሴ አነጋገር ለመግለጽ የማያጠራጥረኝን ለይቼ ማስቀመጥ ቀላል ነበር። ለምሳሌ አንድ የፋሲካ ሰሞን ከየሸማኔው የተረከቡትን በቁጥርና በዋጋ የዘረዘሩበት ዘጠኝ ገጽ አለ። እኔ ዘንድ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ሆነ፤ በዚያ ፋሲካ ከስንት ሸማኔ ስንት ኩታ እንደተረከቡና ስንቱ እንደተሸጠላቸው። ያንን ሰሞን ሌላ ነጋዴ ቢጽፈው ቃሉ ይለያይ ነበር፤ ነገሩ ግን አይለያይም ነበር። ይህ አንደኛው መለያዬ ሆነ። ቃሉ ተለውጦ ነገሩ ሳይለወጥ ከቀረ የጸሐፊውን ቃል ማቆየት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ ትንሽ ይጠነክራል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አጎቴ የሚያከራዩትን አንድ ቤት አጥተዋል። ስለ አዋጁ ሁለት ገጽ ጽፈዋል፤ ምን እንዳዘዘ፣ መቼ እንደታወጀ፣ ሰው ምን እንዳወራ። አዋጁ ታትሞ የሚገኝ ስለሆነ እኔ በአንድ መስመር አለፍኩት። በሁለቱ ገጽ መጨረሻ ላይ ግን ቤቱን ሊረከቡ ስለ መጡት ሰዎች እንዲህ የሚል አለ፦ «ቤቴን አልጠየቁኝም፤ ቁልፉን ጠየቁኝ።» ይህን «ቤቱን ተረከቧቸው» ብዬ ባሳጥረው የሆነው ነገር ሁሉ ይገኝበታል፤ አጎቴ ግን አይገኙበትም። ቤቱ በአዋጅ ከሄደ ሰንብቷል፤ የተጠየቀው ከኪሳቸው የሚወጣ አንድ ብረት ነው፤ የጎዳቸውም ይሄ ነው። ዐረፍተ ነገሩን ያስቀረሁት ስላማረ አይደለም። ከእሱ ያማሩ ብዙ ቦታዎች ትቻለሁ፤ ቃላቸው ቢለወጥ የሚጠፋ ነገር ስላልነበራቸው ነው። ይሄኛው ግን አጎቴ ብቻ ያዩትን ይዟል፤ በሌላ ቃል ለማለት ስሞክርም ከእጄ ሾልኮ ይወድቃል።

*

እዚህ ላይ አማርኛ ለዚህ ሥራ ያለውን የራሱን ወጥመድ ላንሳ። የሌላ ሰው ንግግር ስናወራ ተናጋሪውን ራሱ እንደተናገረ አድርገን እናስቀምጠዋለን። «ነገ እከፍላለሁ አለኝ» ስንል ከፋዩ ሌላው ሰው እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ማንም ሰሚ ያውቃል። ነገር ግን ያ ሰው በትክክል «ነገ እከፍላለሁ» ብሏል? ወይስ «አታስብ፣ ነገ ታገኛታለህ» ብሎ ይሆን? ከዐረፍተ ነገሩ አይታወቅም። «አለ» የምትለው ግሥ ትክክለኛውን ቃልም ጠቅላላ ሐሳቡንም በአንድ ልብስ ታለብሳለች። በቃል ስናወራ ይህ አይጎዳም። በጽሑፍ፣ ያውም የሌላውን ጽሑፍ ስናሳጥር፣ አንባቢው የማንን ቃል እንደያዘ እንዳያውቅ ያደርገዋል።

በአጎቴ ደብተር ውስጥ «ደላላው ነገ እከፍላለሁ አለኝ ስድስት ወር ቆየ» የሚል ቦታ አለ። በደብተሩ ላይ ምንም ምልክት የለበትም፤ አጎቴ ትእምርተ ጥቅስ አይጠቀሙም ነበር። ይህን ሳሳጥር «ነገ እከፍላለሁ» የሚለውን በጥቅስ ውስጥ ባስገባው ደላላው በእርግጥ እነዚህን ሁለት ቃላት ተናግሯል ብዬ መመስከሬ ነው። አጎቴ ግን እንዲህ ብለው አልመሰከሩም፤ እንደ ማንኛችንም አወሩ እንጂ። ስለዚህ «ደላላው በማግስቱ እንደሚከፍል ነግሯቸው ስድስት ወር ቆየ» ብዬ ጻፍኩ። «እንደሚከፍል» የምትለው ቅርጽ ትሑት ናት፤ ሐሳቡ የሌላው፣ ቃሉ የእኔ መሆኑን ሳትናገር ትናገራለች። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቴ ይህ ሆነ፦ በራሴ አነጋገር ስገልጽ «እንደሚ» ወይም «እንደ»፤ የጸሐፊውን ቃል ስይዝ ትእምርተ ጥቅስ። ትእምርተ ጥቅስ የሌለበትን «አለ» ከማጠቃለያው ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ።

የብራና መጻሕፍታችንም ትእምርተ ጥቅስ አልነበራቸውም። በአማርኛ በተጻፉት የንግግሩ መጨረሻ በ«አለ» ወይም በ«ብሎ» ይታወቃል፤ መጀመሪያው ግን ለአንባቢው ጆሮ የተተወ ነው። ሆኖም የአባቶቻችን የትርጓሜ ትምህርት የመጽሐፉን ቃልና የመምህሩን ቃል አላደባለቀም። በጉባኤ ቤት በመጀመሪያ ንባቡ በግእዝ ይሰማል፤ ትርጓሜው በአማርኛ ይከተላል፤ ሌላ ፍቺ ሲኖር ደግሞ «አንድም» እየተባለ ይጨመራል። መምህሩ የፈለገውን ያህል ቢያራቅቅ ተማሪው የቱ የመጽሐፉ፣ የቱ የመምህሩ እንደሆነ አይጠፋውም፤ በሁለቱ መካከል የቋንቋ አጥር አለና። ንባቡን ያልሰማ ሰው ትርጓሜውን ብቻ ይዞ እንዲሄድም ሥርዓቱ አይፈቅድም።

እኛ አማርኛን በአማርኛ የምናሳጥር ሰዎች ይህ አጥር የለንም። የአጎቴም ቃል አማርኛ ነው፤ የእኔም ቃል አማርኛ ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ውኃና ውኃ ናቸው። የቀረን አጥር ያቺ ትንሽ የጥቅስ ምልክት ብቻ ናት። ስለዚህም ነው በዘፈቀደ የምትደረግ ጌጥ ልትሆን የማትችለው።

*

አሁን ወደ ከባዱ ዐረፍተ ነገር ልምጣ። በሁለተኛው ደብተር 31ኛ ገጽ ላይ፣ ስለ 1972 ዓ.ም. በሚያወሩበት ክፍል፣ እንዲህ ይላል፦ «ለወንድሜ ሁለት ሺህ ብር ሰጠሁት፤ እግዜር ይቁጠረው።» ከላዩ ያለው ስለዚያ ዓመት ክረምት ነው፤ ከታቹ ያለው ስለ ሱቃቸው ጣራ እድሳት ነው። ስለ ወንድማቸው ሌላ ቃል የለም።

ታናሽ ወንድማቸው፣ እሳቸውም አጎቴ ናቸው፣ በዚያ ገንዘብ የራሳቸውን ሱቅ ከፍተዋል። ሱቁ ኋላ አድጓል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው ግን አሉ፤ በሁለቱ ቤት መካከልም ያ ገንዘብ ብድር ነበር ወይስ ስጦታ የሚል ያልተነገረ ቂም ቆይቷል። ገንዘቡን ዛሬ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ የማን አባት ለማን አባት ሰው ሆነለት? ማጠቃለያውን እየጻፍኩ መሆኔ እንደተሰማ የትልቁ አጎቴ ልጅ ከባሕር ማዶ ደውሎ «አባዬ አበድሮት ነው፤ እንዲያ ብለህ ጻፈው» አለኝ። የታናሹ ልጅ ደግሞ እዚሁ መርካቶ አግኝቶኝ በትሕትና «ስጦታ እንደነበር መቼም አንተ ታውቃለህ» አለኝ። እኔ የማውቀው ደብተሩን ብቻ ነበር።

«ሰጠሁት» የሚለው ቃል ምን ይላል? በስጦታ የለገሰ ሰው «ሰጠሁት» ይላል። ያበደረ ሰውም ገንዘቡን በእጁ እንዳስረከበ ሲናገር «ሰጠሁት» ይላል። «እግዜር ይቁጠረው» የሚለውም ሁለት ፊት አለው። በጎ ሥራን ለሰማይ መዝገብ የሚተው ሰው እንዲህ ይላል፤ ያልተመለሰለትን ሒሳብ ለፈጣሪ አሳልፎ የሚሰጥ ሰውም እንዲህ ይላል።

እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥም ቀዳሚው እርምጃ መዝገበ ቃላት መግለጥ አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱ ያንን ቃል በሌላ ቦታ እንዴት እንደተጠቀመበት መፈለግ ነው። ሦስቱን ደብተር ከዳር እስከ ዳር እንደገና አገላበጥኩ። አጎቴ «አበደርኩ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ጽፈውታል፤ አራቱም ጊዜ መቼ እንደተመለሰላቸው ወይም መመለስ እንደነበረበት ቀኑ አብሮ አለ። ይህ «ሰጠሁት» ብድር አይደለም ወደሚለው ያደላል። ዳሩ ግን ለሸማኔዎች የሚከፍሉትን ቀብድም «ሰጠሁት» ነው የሚሉት፤ ቀብድ ደግሞ መልስ ያለው መስጠት ነው፤ ሸማው ይጠበቃል። ሚዛኑ እንደገና ተስተካከለ። ማስረጃው በአንድ ወገን ቢከማች ኖሮ በራሴ አነጋገር ለመግለጽ መብት ይኖረኝ ነበር። አልተከማቸም።

ምርጫዎቼን በወረቀት ላይ ደረደርኳቸው። «ለወንድማቸው ሁለት ሺህ ብር አበደሩ» ብል ለአንዱ ቤት ፈረድኩ። «ለወንድማቸው ሁለት ሺህ ብር ለገሱ» ብል ለሌላው ፈረድኩ። ሦስተኛው መንገድ ብልህ ይመስላል፤ ያለ ጥቅስ «ለወንድማቸው ሁለት ሺህ ብር ሰጡ» ማለት። የእሳቸውን ግሥ ይዣለሁና ያልተዛባ ይመስላል። ነገር ግን ከጥቅሱ ውጭ ሲሆን ግሡ የእሳቸው መሆኑ ቀርቶ የእኔ ይሆናል። አንባቢው እስከዚያ ድረስ የእኔን ቃላት ሲያነብ ቆይቷል፤ «አበደሩ» የሚል ቃል እያለልኝ «ሰጡ» ማለትን መርጬ እንደጻፍኩ ይቆጥረዋል፤ ስጦታ ነው ብሎም ይደመድማል። ቃሉ ያው ሆኖ ባለቤቱ ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል።

የቀረው ጥቅስ ነው። ጥቅሱም የት ተጀምሮ የት ያልቃል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነበር። «ሰጠሁት» በሚለው ላይ ብቆርጠው ወደ ስጦታ ያዘነብላል፤ «እግዜር ይቁጠረው» የሚለውን ብቻ ብይዝ ወደ ቅሬታ ያዘነብላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው አጎቴ ያስቀመጡበት ቦታ ላይ የሚቆሙት። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉውን ገባ። «እግዜር» የሚለውንም «እግዚአብሔር» ብዬ አላቃናሁትም፤ በጥቅስ ውስጥ ያለ ቃል የጻፈው ሰው አፍ ነው።

ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ የአማርኛ ጉዳይ አለ። በእኛ ግሥ ውስጥ ማን ለማን የሚለው ሁሉ ተሰፍቷል። «ሰጠሁት» አንድ ቃል ናት፤ በውስጧ ግን እኔ አለሁ፣ መስጠት አለ፣ እሱ አለ። በጥቅሱ ውስጥ እንዳለች «ሰጡት» ብዬ ከማጠቃለያው አነጋገር ጋር ላስማማት ብል ሌላ ቃል ጻፍኩ እንጂ አልጠቀስኩም፤ ጸሐፊው ለራሳቸው ያልሰጡትን አክብሮትም ጨመርኩ። ስለዚህ ጥቅሱ ብቻውን እንዲቆም ከፊቱ መንገድ መጥረግ ያስፈልጋል። በፊቱ የሚቀድመው ግሥም መመረጥ አለበት። «ተናዘዋል»፣ «አማረዋል»፣ «አምነዋል» የሚሉት ግሦች እያንዳንዳቸው ፍርድ ናቸው። እኔ ያስቀመጥኩት እንዲህ ነው፦ «ስለ ታናሽ ወንድማቸው ስለ 1972 ዓ.ም. በጻፉት ክፍል የሚገኘው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው»፤ ከዚያ ጥቅሱ፤ ከዚያ የደብተሩና የገጹ ቁጥር።

*

ይህ የአንድ ቤተሰብ ጣጣ ለሚመስለው ሰው ከዚህ የሰፋ ምስክር አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል 20 አንቀጾች አሉት። ውሉን አሳጥሮ መጻፍ የሚፈልግ ሰው አብዛኛዎቹን በራሱ አነጋገር ሊገልጻቸው ይችላል፤ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ወሰን የተስማሙትን መናገር በቂ ነው። 17ኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ግን መቆም አለበት። አንቀጹ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ስለ መላላካቸው ነው። አንድ ሰው «አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነት በኢጣልያ በኩል እንዲሆን ይደነግጋል» ብሎ ቢያሳጥረው ምን ሆነ? የኢጣልያንኛውን ቅጂ አሳጠረ። የአማርኛው ቅጂ የሚለው «ይቻላቸዋል» ነው። ከፈለጉ ይችላሉ፣ ካልፈለጉ ይተዉታል። የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተነበበ፤ ኢጣልያም በዚሁ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት፣ በ1889 ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ሆነ፤ በ1889 ዓ.ም. ጥቅምት በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሰረዘ። ጦርነቱን አንድ ግሥ ብቻውን አልወለደውም፤ የቅኝ ግዛት ምኞቱ ከግሡ በፊት ነበረ። ነገር ግን ክርክሩ ያረፈው በዚያች ግሥ ላይ ነውና ዛሬም ቢሆን ውሉን በግማሽ ገጽ የሚያሳጥር ሰው ሌላውን ሁሉ በራሱ ቃል ጽፎ «ይቻላቸዋል» የሚለውን በጥቅስ ማኖር ይገባዋል። ሌላ ነገር መጥቀስ አያስፈልገውም። አንድ ቃል በቂ ነው።

ከዚህ ሁለተኛውን መለያዬን አገኘሁ። አንድን ቃል በቅርብ ዘመዱ ተክቼ አነባለሁ፤ «ይቻላቸዋል»ን በ«ይገባቸዋል»፣ «ሰጠሁት»ን በ«አበደርኩት»። ከዚያ፣ በዚህ ለውጥ የሚጎዳ ወይም የሚጠቀም ሰው አለ? ብዬ እጠይቃለሁ። ማንም ከሌለ ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር በራሴ አነጋገር እሄዳለሁ። አንድ ሰው እንኳ ካለ ቃሉ የጸሐፊው ሆኖ ይቆያል። መለያው ወሰን አለው፤ የ«አይ»ንና የቁልፉን ዓይነት አይይዝም፤ በእነሱ የሚጎዳ ሰው የለምና። እነሱን የሚይዛቸው በሌላ ቃል ለማለት ሞክሮ ማየት ብቻ ነው። በአሥራ ሁለቱ ገጽ ውስጥ በመጨረሻ የቀሩት ጥቅሶች ዘጠኝ ነበሩ፤ ከሁለት ዐረፍተ ነገር የሚረዝም አልነበረባቸውም።

*

ለሙት ዓመቱ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ማጠቃለያው ጮክ ተብሎ ተነበበ። ጥቅስ ሲመጣ አንባቢዋ፣ የአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ድምጿን ትንሽ ዝቅ እያደረገች ታነብ ነበር፤ ማንም አላስተማራትም፤ ምልክቱን አይታ ነው። ቁልፉ ላይ ሲደርስ እትዬ ሳቁና «አዎ፣ እንደሱ ነው የሚሉት» አሉ። 1972 ላይ ሲደርስ የሳቀም የተናገረም አልነበረም። «እግዜር ይቁጠረው» የሚለው ተነቦ ካለቀ በኋላ ልጅቷ ቀና ብላ ተመለከተችን፤ ከዚያ ቀጥላ ስለ ሱቁ ጣራ አነበበች።

ቡናው ሲፈላ የታናሹ አጎቴ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ስጦታ ነው አላለኝም፤ ብድር ነውም አላለኝም። የደብተሩን 31ኛ ገጽ በራሱ ዓይን ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። በማግስቱ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ሰጠሁት።